9 ሽንኩርት፣ 18 እንቁላል፣ አንድ ሳምንት

ጥያቄ፦ እንደምን አሉ እትዬ? የምኖረው ሜሪላንድ ነው፣ ብቻዬን። ደሞዝ የሚገባልኝ የዛሬ ሳምንት አርብ ነው። ቁም ሳጥኑን ስፈትሽ ያገኘሁት አንድ 5 ፓውንድ ሩዝ፣ 9 ሽንኩርት፣ 18 እንቁላልና 4 ትልልቅ የቆርቆሮ ቲማቲም ነው። ግማሽ ጠርሙስ ዘይትና ጨው አለኝ። በርበሬዬ አልቋል። ረቡዕና አርብ እጾማለሁ። ሥራ ቦታ ማይክሮዌቭ አለ። ከቅዳሜ እስከ አርብ እንዴት አድርጌ ልብላው?

መልስ፦

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሒሳቡን እንጨርስና ወደ ድስቱ እንሄዳለን።

5 ፓውንድ ሩዝ 2.3 ኪሎ ገደማ ነው። በመለኪያ ኩባያ ስትሰፍረው 12 ኩባያ ይሆንልሃል። አንድ ኩባያ ጥሬ ሩዝ ሲበስል ወደ 3 ኩባያ ስለሚሆን በቀን 5 ኩባያ የበሰለ ሩዝ አለህ ማለት ነው። በዚያ ላይ እንቁላሉን፣ ሽንኩርቱን፣ ቲማቲሙንና በቀን 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ስንጨምርበት፣ ለሰባት ቀን ሲካፈል በቀን ወደ 1,900 ካሎሪና 45 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይደርሳል። ቁጭ ብሎ ለሚሠራ ሰው ይበቃል። ሥራህ ዕቃ ማንሳትና መሸከም ከሆነ ግን ማታ ማታ ይርብሃል፣ አልዋሽህም። እንደዚያ ከሆነ 211 ደውል። አሜሪካ ውስጥ በአቅራቢያህ ምግብ በነፃ የሚሰጡ ቦታዎችን የሚጠቁም ስልክ ነው። አያሳፍርም፤ ለዚሁ የተዘጋጀ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። እንዲህ ዓይነት ጓዳ ያለው ሰው መጀመሪያ የሚቆጥረው እንቁላሉን ነው። እኔ ግን የምቆጥረው ሽንኩርቱን ነው። በርበሬ የለህም፣ ነጭ ሽንኩርት የለህም፣ ኮረሪማ የለህም። የሳምንቱን ጣዕም በሙሉ የሚሸከመው ሽንኩርት ብቻ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። 9 ሽንኩርት ለ7 ቀን ብሎ በቀን አንድ፣ አንዳንዴ አንድ ተኩል እየከተፈ፣ ማታ ከሥራ ደክሞት ሲመጣ አምስት ደቂቃ ጠብሶ ቲማቲም ይደፋበታል። ያ ሽንኩርት ጥሬ ጥሬ ይላል። ቲማቲሙም ይኮመጥጣል። ሦስተኛው ቀን ላይ ያንገሸግሽሃል።

አንተ ከዘጠኙ አምስቱን ቅዳሜ ዕለት በአንድ ድስት ጨርሳቸው። የአልጫ ቁሌት ነው የምትሠራው። እናትህ ለዶሮ ወጥ ሽንኩርት ስታቁላላ አይተህ ከሆነ መንገዱን ታውቀዋለህ፤ በርበሬው ብቻ ነው የቀረው።

አምስቱን ሽንኩርት በጣም አድቅቀህ ክተፍ። ዘይት ሳታደርግ ደረቅ ድስት ውስጥ ጨምረውና መካከለኛ እሳት ላይ ጣደው። መጀመሪያ ውሃውን ይለቃል። እሱ ሲደርቅና የድስቱን ቂጥ መያዝ ሲጀምር አንድ ሁለት ማንኪያ ውሃ ጠብ እያደረግክ አማስለው። 25 ደቂቃ ገደማ እንዲህ ታቆየዋለህ። የአሜሪካ ቢጫ ሽንኩርት ከኛ ቀይ ሽንኩርት ይልቅ ውሃ ስለሚበዛው ትንሽ ሊዘገይ ይችላል። ከዚያ 6 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምርና እሳቱን ዝቅ አድርገህ ሌላ 15 ደቂቃ አቁላላው። ቀለሙ የማር ቀለም ሲሆንና በማንኪያ ጀርባ ስትጫነው ያለ ምንም ትግል ሲፈርስ ደርሷል። መጠኑ ከጀመርክበት አንድ ሦስተኛ አካባቢ ቢቀር አትደንግጥ።

ቲማቲሙ የሚገባው ይኼን ጊዜ ነው፤ ከዚህ በፊት በጭራሽ አታስገባው። ምክንያቱን ልንገርህ። የሽንኩርቱን ሴሎች አጣብቆ የያዘው ነገር አሲድ ውስጥ አይሟሟም። ቲማቲም ደግሞ አሲድ ነው። ግማሽ የበሰለ ሽንኩርት ላይ ቲማቲም ከደፋህበት አንድ ሰዓት ብትቀቅለውም ጥርስህ ላይ ቀጭ ቀጭ ማለቱን አይተውም። ወጥህ ውስጥ ሽንኩርቱ እየተንሳፈፈ የሚያስቸግርህ ከነበረ ምናልባት ጥፋቱ ይኼ ነው።

ቆርቆሮውን ከመክፈትህ በፊት ጽሑፉን እየው። ‘ዳይስድ’ የሚል ከሆነ፣ ማለትም በአራት ማዕዘን የተከተፈ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ካልሲየም ክሎራይድ ተጨምሮበታል። ቅርጹን እንዲይዝ ተብሎ ነው። ስለዚህ ምንም ብታበስለው አይፈርስልህም። ለቁሌት ሙሉው ወይም የተፈጨው ይሻላል። ከአራቱ አንዱ የተከተፈ ከሆነ ለአርብ ሾርባ አስቀምጠው። ሙሉውን ቲማቲም እጅህን ታጥበህ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ጨምቀው። ወደ ራስህ አዙረህ አትጨምቅ፣ ሸሚዝህን ትጨርሰዋለህ።

የአንዱን ቆርቆሮ ቲማቲም ከነጭማቂው ጨምረህ ጨው አድርግበትና ክፍት አድርገህ 25 ደቂቃ ያህል አንተክትከው። ዘይቱ ከዳር ወጥቶ ሲታይ አውርደው። 3 ኩባያ አካባቢ ይወጣሃል። ቅመስና ከኮመጠጠህ ሌላ ነገር ከመፈለግህ በፊት አሥር ደቂቃ ጨምርለት። እየወፈረ ሲሄድ ቶሎ ስለሚያር ግን አጠገቡ ሁን። እርቃኑን የሆነ የአሉሚኒየም ድስት ካለህ ለቲማቲም አትጠቀምበት፤ አሲዱ ብረት ብረት እንዲል ያደርገዋል።

እንቁላል ቁሌቱ ውስጥ አትጨምርበት። ጾም ሆኖ ይቆይ። እንቁላሉን ሳህንህ ላይ ታገናኘዋለህ። ቅዳሜ ማታ አንድ ኩባያ ቁሌት ታሞቅና ሁለት እንቁላል ቀቅለህ ታደርግበታለህ። እሑድ ጠዋት ደግሞ ሦስት ሩብ ኩባያ ቁሌት መጥበሻ ላይ በትንሽ ውሃ ታቀጥንና ሁለት ጉድጓድ አድርገህ እንቁላል ትሰብርበታለህ። ክዳን ግጠምበትና 5 ወይም 6 ደቂቃ ጠብቅ። እስራኤል ያሉ ዘመዶቻችን ሻክሹካ የሚሉት ዘሩ ይኼው ነው።

ሩዙን አራት ጊዜ ነው የምታበስለው። ቅዳሜ፣ ሰኞና ረቡዕ 3 ኩባያ ተኩል ተኩል፣ አርብ የቀረውን 1 ኩባያ ተኩል። ለምን ሁሉንም በአንድ ቀን አልቀቅለውም ትለኝ ይሆናል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እኔ ራሴ ተቀጥቼበታለሁ።

አሜሪካ እንደመጣሁ ማታ የቀቀልኩትን ሩዝ ድስቱ ውስጥ እንዳለ ምድጃው ላይ ትቼው አደርኩ። አገር ቤት ወጥ አድሮ ጠዋት ሞቆ ሲበላ ነው ያደግኩት። ጠዋት በደንብ አሙቄ በላሁት። ሥራ ከገባሁ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሽንት ቤት ተንበርክኬ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ጥሬ ሩዝ ውስጥ ባሲለስ ሴሪየስ የሚባል ባክቴሪያ ዘር ይኖራል። ያ ዘር በመቀቀል አይሞትም። ሩዙ ለብ ብሎ ሲቀመጥ ይነቃና ይራባል፣ መርዝም ይሠራል። ያንን መርዝ ደግሞ ማሞቅ አያጠፋውም። ሽታውም ሆነ መልኩ ላይለወጥ ይችላል። ስለዚህ ማሽተት አያድንህም።

መፍትሔው ቶሎ ማቀዝቀዝ ብቻ ነው። ሩዙ እንደበሰለ የምትበላውን አውጣና የቀረውን ሰፊ ትሪ ወይም የኬክ መጋገሪያ ላይ ስስ አድርገህ ዘርጋው። በ20 ደቂቃ ውስጥ እንፋሎቱ ይወጣለታል። ከዚያ በየምሳ ዕቃህ ከፋፍለህ ፍሪጅ አስገባው። ከእሳት ከወረደ አንድ ሰዓት ሳይሞላው ቢገባ በጣም ጥሩ ነው፤ ከሁለት ሰዓት ግን አይለፍ። በሁለት ቀን ጨርሰው። አሥር ኩባያ ትኩስ ሩዝ በድስቱ እንዳለ ፍሪጅ ብታስገባው መሀሉ ለሰዓታት ለብ እንዳለ ይቆያል። ከማሞቅህ በፊት ጥቂት ውሃ እርጭበት፣ እንፋሎት እስኪያወጣ ድረስ አሙቀው፣ አንዴ የሞቀውን መልሰህ አታስቀምጥ።

አቀቃቀሉን ታውቀዋለህ ብዬ አልዘረዝረውም። ለ3 ኩባያ ተኩል ረጅም ሩዝ 6 ኩባያ ውሃ፣ ክዳኑን ሳትከፍት በዝቅተኛ እሳት 18 ደቂቃ፣ ከዚያ እሳቱን አጥፍተህ 10 ደቂቃ። አንድ ነገር ግን አለ። ማሸጊያው ላይ ‘ኢንሪችድ’ የሚል ቃል ካለ ሩዙን አትጠበው። ቫይታሚኑና አይረኑ የተለበጠው ከላይ ስለሆነ ካጠብከው ከውሃው ጋር ይሄዳል። እንዲህ ባለ ሳምንት ያ ያስፈልግሃል።

እንቁላሉን እንግዲህ በአምስት ቀን ነው የምታካፍለው። ቅዳሜና እሑድ አራት አራት፣ ሰኞ ሦስት፣ ማክሰኞ አራት፣ ሐሙስ ሦስት። ድምሩ 18 ነው። ረቡዕና አርብ ፕሮቲንህ ወደ 30 ግራም ይወርዳል። ጤነኛ ሰው ከሆንክ በዚያ አትጎዳም። እሑድ ማታ ሦስቱን አንድ ላይ ቀቅል፤ የሰኞ፣ የማክሰኞና የሐሙስ ምሳህ ናቸው። ውሃው ከፈላ በኋላ 10 ደቂቃ ይበቃቸዋል፣ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ክተታቸው። አስኳሉ ዙሪያ አረንጓዴ ቀለበት ካየህ ብዙ አብስለሃቸዋል፤ ይበላል ግን ጥሩ አይሸትም። ልጣጩን የምታነሳው ስትበላው ነው። ከነልጣጩ ፍሪጅ ውስጥ ሳምንት ይቆያል።

ሥራ ቦታ ደግሞ የተቀቀለ እንቁላል ሙሉውን ማይክሮዌቭ ውስጥ እንዳታስገባ። የተላጠም ቢሆን ይፈነዳል። አንዳንዴ ማሽኑ ውስጥ ሳይሆን ሹካ ስትሰካበት ነው የሚፈነዳው፣ ፊትህ ላይ። ሩዙን ብቻ አሙቅና እንቁላሉን ቆራርጠህ ከላይ ጣል አድርግበት።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት በዚህ ያልፋሉ። ቅዳሜ ምሳ ሩዝ በሁለት ጥብስ እንቁላል፣ ማታ ያ ቁሌት ከተቀቀለው እንቁላል ጋር። እሑድ ማታ የቀዘቀዘውን ሩዝ መጥበሻ ላይ ከግማሽ ኩባያ ቁሌት ጋር ጠብሰው፣ ሁለት እንቁላል ለብቻ ፈርፍረህ መጨረሻ ላይ ቀላቅልበት። የቀረው ሦስት ሩብ ኩባያ ቁሌት የሰኞ ምሳህ ነው። ቁርስ ምን ልብላ ካልከኝ፣ አንድ ኩባያ ያደረ ሩዝ በሁለት ኩባያ ውሃ እስኪሟሟ ቀቅለህ በጨው ጠጣው፤ ሻይ ካለህ ከሻይ ጋር። ድንቅ ነገር አይደለም፣ ሆድ ግን ይይዛል።

ሰኞ ማታ ጣዕሙን እንለውጠዋለን። ቀይ ሩዝ ነው። አንድ ሽንኩርት በ4 ማንኪያ ዘይት በደንብ አብስል፣ እንደ ቁሌቱ ባይሆንም እስኪለሰልስ ድረስ። 3 ኩባያ ተኩል ሩዙን ጥሬውን ጨምርና ፍሬው ነጣ እስኪል 3 ደቂቃ ቆላ ቆላ አድርገው። ሁለተኛውን ቆርቆሮ ጨፍልቀህ ከ4 ኩባያ ውሃና ከጨው ጋር ጨምርበት። ሲፈላ አንዴ ከሥር አማስልና እሳቱን ዝቅ አድርገህ ክደነው።

ብዙ ሰው ይኼን ሩዝ ያበላሸዋል። በተለመደው 18 ደቂቃ አይደርስም፤ አሲዱ ሩዙንም ያዘገየዋል። 25 ደቂቃ ስጠው። ስትከፍተው ከላይ ያለው ፍሬ አጥንት ያለው መስሎ ከተሰማህ ውሃ አትደፋበት፣ ከሥር ይላቁጥብሃል። ሩብ ኩባያ የፈላ ውሃ ከላይ ረጨት አድርግበት፣ ንጹሕ ጨርቅ ከክዳኑ ሥር ዘርግተህ ግጠመውና እሳቱን አጥፍተህ 10 ደቂቃ ተወው። እንፋሎቱ ይጨርሰዋል። ከሥር የቲማቲሙ ስኳር ትንሽ ቢይዝ ደግሞ አትፋቀው። ያ የያዘው ለእኔ የድስቱ ምርጥ ቦታ ነው። ጥቁር ሆኖ ከሸተተ ግን ሳትነካው ከላይ ያለውን ወደ ሌላ ዕቃ አውጣ። ካማሰልከው የቃጠሎው ሽታ ሁሉም ጋ ይደርሳል።

ሰኞ ማታ ትኩሱን ከሁለት ጥብስ እንቁላል ጋር ትበላለህ። ማክሰኞ ምሳ ያው ሩዝ ከተቀቀለው እንቁላል ጋር። ማክሰኞ ማታ መልኩን ቀይረው። 2 ኩባያ ቀዝቃዛ ቀይ ሩዝ በ3 እንቁላል ለውስ፣ በእጅህ መዳፍ የሚያህል ጠፍጣፋ ቂጣ አድርገህ መጥበሻ ላይ በዘይት ጥበስ። በአንድ ወገን 4 ደቂቃ ሳትነካው ጠብቀው። ቶሎ ካገላበጥከው ይበታተናል። ቅርፊቱ ሲይዝ ራሱ ይላቀቃል። ከሳምንቱ ምግብ ሁሉ እኔ ይኼን ነው የምወደው።

ቀይ ሩዙ እንቁላል ስላልገባበት ከድስቱ የቀረው የረቡዕ ምሳ ዕቃህ ይሆናል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትቆይ ከሆነ ያኔ ታሞቀዋለህ። ማክሰኞ ማታ ቂጣውን ከመለወስህ በፊት የረቡዕን ድርሻ ለይተህ አስቀምጥ። ካልለየህ ትረሳና ሁሉንም እንቁላል ታስነካዋለህ።

ረቡዕ ማታ ሁለተኛውን ቁሌት ትሠራለህ፣ በሁለት ሽንኩርትና በሦስተኛው ቆርቆሮ። ሽንኩርቱ ስላነሰ እንደ ቅዳሜው አይጣፍጥም። ስለዚህ ቲማቲሙን ረዘም አድርገህ፣ 40 ደቂቃ አካባቢ፣ ድልህ እስኪመስል አውፍረው። ከ2 ኩባያ ትንሽ ያነሰ ይወጣሃል። አዲስ ከቀቀልከው ነጭ ሩዝ ጋር ትንሽ ብቻ አድርገህ ብላው፤ የሐሙስና የአርብ ምሳም ከዚሁ ነው። ሐሙስ ማታ የመጨረሻዋን ሽንኩርት በደንብ ጠብሰህ ያደረውን ሩዝ በሁለት እንቁላል ትጠብሳለህ። ለጥብስ የሚሆነው ቀዝቃዛ ሩዝ ነው፤ ትኩሱ ይላቁጥብሃል።

ሩዙ እንጀራ አይሆንም ወይ የሚል ሀሳብ ከመጣልህ፣ ፎገራ አካባቢ ከጤፍ ጋር እየቀላቀሉ ይጋግሩታል። አንተ ግን ወፍጮም እርሾም የለህም። ተወው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ስኳር ያለብህ ከሆነ ይኼን ያህል ነጭ ሩዝ በየቀኑ ለመብላት ከመነሳትህ በፊት ሐኪምህን አማክር። ሁለተኛ፣ ይኼ እቅድ ለአንድ ሳምንት ነው። ቅጠላ ቅጠልም፣ ጥራጥሬም፣ ወተትም የለውም። አራተኛው ቀን ላይ ሆድህ ሊደርቅ ይችላልና ውሃ በደንብ ጠጣ። መሀል ላይ አራት ዶላር ብታገኝ ሥጋ አታስብ። አንድ ፓውንድ ምስርና አንድ ጥቅል ጎመን ግዛ። ምስሩ የረቡዕንና የአርብን ጉድለት ይሞላል፣ ጎመኑ ደግሞ ሆድህን ያላላል።

አርብ ከሥራ ስትገባ የቀረውን 1 ኩባያ ተኩል ሩዝ ትቀቅላለህ። ከሁለተኛው ቁሌት የተረፈውን ከአራተኛው ቆርቆሮና ከ3 ኩባያ ውሃ ጋር 15 ደቂቃ አፍልተህ ሩዙን ትጨምርበታለህ፤ ወፍራም ሾርባ ይሆናል። ደሞዝህ ቀን ላይ ከገባ ግን ያንን ቆርቆሮ አትክፈተው። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ቁሌት ይሁንህ፤ ያኔ በርበሬም ትገዛለህ።